አጠቃሎ ሳርም ከአራት ነጥብ በፊት ያለውን ቃል አያለሁ

በአማርኛ ትምህርት ክፍል የማስተርስ ጥናታቸውን የሚያጠናቅቁ ልጆች አጠቃሏቸውን እንዳርምላቸው ይልኩልኛል። በቅርቡ አንዷ «ጋሼ፣ አማካሪዬ ዐረፍተ ነገሮችሽ ይስተካከሉ ብለው መለሱልኝ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አልነገሩኝም» አለችኝ። እንዴት እንደፈለግኳቸው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉን በወርድ ከፍቼ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በየራሱ መስመር አወረድኩት። Ctrl+H ተጭኜ በላይኛው ሳጥን አራት ነጥብ፣ በታችኛው ይህን ጻፍኩ፦

```
።^p
```

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን (፡) ሁለቴ በመምታት ነው። በዓይን አንድ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያገኘውም። ስለዚህ አስቀድሜ ሁሉንም ወደ እውነተኛው አራት ነጥብ ቀየርኳቸው።

ከዚያ የማነበው ከመጨረሻው ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው በማሰሪያ አንቀጹ ስለሆነ፣ ከአራት ነጥቡ በፊት ያለው ቃል ብዙ ይናገራል። «ነው»፣ «ተተንትኗል»፣ «ያሳያል» ካለ ተዘግቷል። «ስለሌላቸው»፣ «እንዲያስተምሩ»፣ «ተጠቅሞ»፣ «የተከተለ» ካለ ግን ገና ማሰሪያ ይጠብቃል። በልጅቷ አጠቃሎ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ለዚህም ምክንያቱ ተማሪዎቹ ከክፍል ውጭ የማንበብ ልምድ ስለሌላቸው።»

ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ምንም አይጎረብጥም። በወሬ መሃል «ለምን?» ተብለን ስንጠየቅ እንዲሁ ነው የምንመልሰው። ያልተሟላ ዐረፍተ ነገር ስፈልግ በጆሮዬ የማልተማመነው ለዚህ ነው። መጨረሻው ላይ «ነው» መጨመር ይዘጋዋል፤ ነገር ግን «ምክንያቱ» እና «ስለ» አንድ ሥራ ለሁለት ይሠራሉ። ስለዚህ «ለዚህም አንዱ ምክንያት ተማሪዎቹ ከክፍል ውጭ የማንበብ ልምድ የሌላቸው መሆኑ ነው» አልነው።

ከባዱ ግን ተቃራኒው ችግር ነበር፤ መቆም ሲገባው የማይቆመው ዐረፍተ ነገር።

«የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንብቦ የመረዳት ችሎታ ምን እንደሚመስል መፈተሽ ሲሆን ጥናቱ ገላጭ የምርምር ዘዴን የተከተለ ሲሆን ተተኳሪዎቹ በቀላል የዕጣ ንሙና ተመርጠው ፈተናና መጠይቅ ተሰጥቷቸው መረጃው በአማካይ ውጤትና በመቶኛ ተተንትኖ የተማሪዎቹ ችሎታ ከሚጠበቀው በታች መሆኑን አሳይቷል።»

የመጨረሻው ቃል ማሰሪያ ነው፤ የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና ያስፈልጋል፦ ባለቤቶቹን ማስመር። ዓላማው፣ ጥናቱ፣ ተተኳሪዎቹ፣ መረጃው። አራት ባለቤት፣ አንድ ማሰሪያ። «አሳይቷል» የተባለው ማን ነው? ጥናቱ ነው ወይስ መረጃው? ልጅቷን ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ውጤቱ» አለች። ውጤቱ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም!

ባለቤቱ በተቀየረ ቁጥር ቆም እያልን እንዲህ ጻፍነው፦

«የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንብቦ የመረዳት ችሎታ ምን እንደሚመስል መፈተሽ ነው። ጥናቱ ገላጭ የምርምር ዘዴን ተከትሏል። ተተኳሪዎቹ በቀላል የዕጣ ንሙና ተመርጠው ፈተና ወስደዋል፤ መጠይቅም ሞልተዋል። መረጃው በአማካይ ውጤትና በመቶኛ ተተንትኗል። ውጤቱም የተማሪዎቹ ችሎታ ከሚጠበቀው በታች መሆኑን አሳይቷል።»

«ተመርጠው» እንዳለ መቅረቱን አያችሁ? የተመረጡትም ፈተና የወሰዱትም እነዚያው ተማሪዎች ስለሆኑ ነው። ርዝመት ብቻውን ጥፋት አይደለም። «አጥኚዋ መጠይቁን አዘጋጅታ፣ በባለሙያ አስገምግማ፣ ለተማሪዎቹ አሰራጭታለች» የሚለው በሦስት ግስ ቢሄድም ባለቤቱ አንድ ነውና አልነካውም። «ሲሆን»ንም አልጠላም። «ተተኳሪዎቹ 120 ሲሆኑ 64ቱ ሴቶች ናቸው» ጥሩ አማርኛ ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ቆሜ አየዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የ«ነው» ቦታ ይዞ ነው የማገኘው።

ሌላው በቶሎ የሚገኘው «ነው፣» ነው። ከማሰሪያ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ካያችሁ፣ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች በደካማ ክር ተሰፍተዋል ማለት ነው። ሐሳቦቹ ከተቀራረቡ ድርብ ሰረዝ፣ ካልተቀራረቡ አራት ነጥብ ይገባል። ይህንንም በCtrl+F «ነው፣»፣ «ናቸው፣»፣ «ነበር፣» እያልኩ እፈልገዋለሁ።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገሯ «በመሆኑም መምህራን የንባብ ስልቶችን በግልጽ እንዲያስተምሩ።» ይል ነበር። እዚህ ላይ ማሰሪያውን እኔ አልመረጥኩላትም። «ተጠቁሟል» ቢባል ጥናቱ ሐሳብ አቀረበ ማለት ነው፤ «ያስፈልጋል» ቢባል ግን ከበድ ያለ ድምዳሜ ይሆናል፤ ያኔ «እንዲያስተምሩ»ም «ማስተማራቸው» ተብሎ መስተካከል አለበት። ምን ያህል ማስረጃ እንዳላት የምታውቀው እሷ ናት። «ተጠቁሟል» ብላ ዘጋችው።