የደንብ ልብሱ ውል በሦስት እጅ

ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ አንድ የጠበቃ ቢሮ የሰነድ አርታዒ ሆኜ ስሠራ፣ አዲስ የተቀጠረች ወጣት የሥራ ባልደረባችን የመጀመሪያ ልምምዷን ያደረገችው በአንድ ገጽ የስፌት ውል ላይ ነበር። ውሉ መጋላ ውስጥ በሚሠራ ሰፊና በአንድ ትምህርት ቤት መካከል የሚፈረም ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ በሚከተሉት ሦስት አንቀጾች ያልቃል።

አንቀጽ 1። ሰፊው 120 የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፍቶ እስከ ነሐሴ 30 ቀን ድረስ ለትምህርት ቤቱ ያስረክባል።

አንቀጽ 2። የአንዱ ልብስ ዋጋ 800 ብር፣ ጠቅላላ ዋጋው 96,000 (ዘጠና ሺህ ስድስት መቶ) ብር ነው።

አንቀጽ 3። ሰፊው በተባለው ቀን ካላስረከበ፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን በአንቀጽ 2 ከተመለከተው ዋጋ ላይ 500 ብር ይቀነስበታል።

ልጅቷ የተሰጣት ሥራ የቋንቋ አርትዖት ነበር፤ ማለትም ዓረፍተ ነገሩ እንዲቃና፣ ሥርዓተ ነጥቡ እንዲስተካከል፣ አንድ ነገር ከገጹ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲቀርብ ማድረግ። በአንቀጽ 2 በአኃዝና በፊደል የተጻፉት ገንዘቦች እንደማይገጥሙ ወዲያው አየች፤ 120ን በ800 አባዝታም 96,000 የሚለው ትክክል እንደሚመስል አረጋገጠች። ይሁን እንጂ ራሷ አላረመችውም፤ ስህተቱ ከነጠላ ዋጋው ሊሆን ስለሚችል በኅዳጉ ላይ «የትኛው ነው?» ብላ ጥያቄ አስቀመጠች። የቋንቋ አርታዒ ገንዘብን በተመለከተ ሊሄድ የሚገባው እስከዚህ ብቻ ነው።

በአንቀጽ 3 ግን «ማስረከብ» የሚለው ቃል ስለተደጋገመባት «ካላስረከበ» የሚለውን በ«ካላደረሰ» ለወጠችው። በጋዜጣ ጽሑፍ ቢሆን ማንም ባልተቃወማት ነበር። የሕግ አርትዖቱን የሚሠራው ጠበቃ ወረቀቱን ሲያነብ እዚያ ላይ ቆመና ጠራት።

«ይሄን ለምን ቀየርሽው?»

«ጋሼ፣ ቃሉ ሁለት ጊዜ ስለመጣ ነው።»

«ሁለት ጊዜም አሥር ጊዜም ይምጣ። ሰውየው ልብሱን ነሐሴ 29 ቀን አምጥቶ ግምጃ ቤት ቢያስቀምጥ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቆጥሮና አይቶ የርክክብ ሰነድ የፈረመው መስከረም 2 ቀን ቢሆን፣ ስንት ብር ይቀነስበታል?»

አብረን አሰላነው። በ«ካላደረሰ» ከሄድን ልብሱ በጊዜው ስለደረሰ የሚቀነስ የለም። በ«ካላስረከበ» ከሄድንና ርክክብ ማለት ፊርማው ነው ከተባለ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት አምስቱ የጳጉሜን ቀናትና ሁለቱ የመስከረም ቀናት ተደምረው ሰባት ቀን፣ በ500 ብር ሲባዙ 3,500 ብር ይሆናል። ሁለቱም ቃላት በአንድ ውል ውስጥ ካሉ ደግሞ፣ ተከራካሪ ወገን «ሆነ ብለን ነው የለያየናቸው» ብሎ እንዲሞግት በር ይከፍታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1733፣ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከዚያ ወጥተው የተዋዋዮቹን ፈቃድ በትርጉም እንዳይፈልጉ ስለሚከለክል፣ «እንዲህ ለማለት ፈልገን ነበር» የሚለው መከላከያ ብዙ አያራምድም።

ጠበቃው የቀድሞውን ቃል በመመለስ ብቻ አልተወውም፤ ምክንያቱም ዋናው ረቂቅም ርክክብ መቼ እንደሚፈጸም አይናገርም ነበር። ሁለቱን ወገኖች አነጋግሮ «ሰፊው ልብሱን ለትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ባስገባበት ቀን እንዳስረከበ ይቆጠራል» የሚል አዲስ አንቀጽ 2 አስገባ። ከነሐሴ 30 ቀጥሎ ዓመተ ምሕረቱን ጨመረ፤ የሚቀነሰው ገንዘብ ከጠቅላላው ዋጋ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥም አስወሰነ። ይህ ሁሉ የተዋዋዮቹን መብትና ግዴታ የሚነካ ስለሆነ የቋንቋ አርታዒ ያለ እነርሱ ፈቃድ የሚነካው አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ጀማሪዎች በብዛት የሚስቱት ይህንን ድንበር ነው። ገንዘቡም ተጠይቆ «ዘጠና ስድስት ሺህ» ሆኖ ተስተካከለ።

የመጨረሻው ሥራ የእርማት ንባብ ሲሆን፣ አንዱ የጸደቀውን ረቂቅ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን በማስመሪያ መስመር በመስመር ይከተላል። አራሚ የሚፈልገው የተገደፈ ፊደል፣ የተዘለለ መስመርና የተሳሳተ ቁጥር እንጂ የተሻለ አገላለጽ አይደለም። ይህን ንባብ ከልጅቷ ጋር ስናደርግ፣ የመቀነሻው አንቀጽ አሁን አራተኛ ሆኖ ሳለ «በአንቀጽ 2 ከተመለከተው ዋጋ» እንዳለ መቅረቱን ያገኘችው እሷ ናት፤ አዲሱ አንቀጽ ሲገባ ዋጋው ወደ አንቀጽ 3 ወርዷል። በቀይ እስክሪብቶ ከበበችው፣ በዚህ ጊዜ ግን ከማረሟ በፊት ወረቀቱን ይዛ ወደ ጠበቃው ክፍል ሄደች።