«አንተ ሰው ነህ እንዴ?»

ሐዋሳ ውስጥ የፀሐይ መብራት በወር ክፍያ ለሚሸጥ ድርጅት ስልክ አነሳ ነበር። የሥራው ነገር እንዲህ ነው። ደንበኛው የወሩን ክፍያ ይከፍላል። የቁጥር ኮድ በመልእክት ይደርሰዋል። ኮዱን ሳጥኑ ላይ ሲጫን መብራቱ ለ30 ቀን ይከፈትለታል። ቀኑ ሲያልቅ ሳጥኑ ይቆለፋል። ከፍሎ ኮዱ ያልደረሰው ሰው ደግሞ እኛ ጋ ይደውላል። ስለዚህ የሚደውልልን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። በራሱ ካርድ ነው የሚደውለው፤ ያውም ባትሪዋ ልትሞት በደረሰች ስልክ።

ስልክ ስናነሳ የምንለው ነገር ተጽፎ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እወጣዋለሁ።

«እንደምን አመሹ ውድ ደንበኛችን፣ ወደ እገሌ ሶላር የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ስለደወሉ ከልብ እናመሰግናለን፣ እገሌ እባላለሁ፣ ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል የሚቀዳ መሆኑን እየገለጽኩ ዛሬ በምን ልረዳዎት እችላለሁ?»

እገሌ ባልኩበት ስሜንና የድርጅቱን ስም አስገቡበት። ይህን በአንድ ትንፋሽ ነው የምንለው። ከአንድ ትንፋሽ በላይ ከወሰደብህ አልሠለጠንክም ማለት ነው።

አንድ ቀን ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፈረቃው ላይ ሁለት ነበርን፤ ጓደኛዬ እራት ልትበላ ወጥታለች። ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁ፣ ወጣሁት። ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ያው ቁጥር ደወለ። አነሳሁ፣ ወጣሁት፣ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው ብዬ ረሳሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከሌላ ቁጥር ተደወለ። እንደ ልማዴ ወጣሁት። አሁን ግን አልተዘጋም፤ ዝም ነው። «ሄሎ?» አልኩ። ዝም። «ሄሎ፣ ይሰማል?» አልኩ።

ከወዲያ በኩል አንዲት እናት አጠገቧ ላለ ሰው ስታወራ ሰማሁ። «ይኼውልህ፣ ቴፑ ሄሎ ይላል።»

«እናቴ፣ ቴፕ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለችና «አንተ ሰው ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ችግሯ ቀላል ነበር። የከፈለላት ልጅ ስልክ ቁጥሯን አንድ አኃዝ አሳስቶ ስላስመዘገበ ኮዱ ሌላ ሰው ጋ ሄዷል። አጣርቼ ኮዱን አራት አራት ቁጥር እየከፈልኩ ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ ልጆች ሲጮኹ ሰማሁ፤ መብራቱ በርቷል። አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የመጀመሪያውን ስልክ ሳነሳ ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ለሃያ ደቂቃ ያህል በጨለማ አቆያት፣ ካርዷን ጨረሰባት፣ ጎረቤት ስልክ አስለመናት።

በማግስቱ ለተቆጣጣሪያችን ነገርኳት። ሳቀች። ቀጥላ ግን «እስቲ ቅጂዎቹን አምጣቸው» አለች። ሦስቱንም በየተራ ሰማናቸው። በስልኳ ሰዓት ይዛ ለካችው፤ መክፈቻዬ 14 ሰከንድ ይፈጃል።

የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ጆሮዬ የዘለለውን ነገር ሰማሁ። እኔ «እንደምን አመሹ» ስል ሴትየዋ ወዲያው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ? ደህና ናችሁ?» ትላለች። እኔ ግን ያኔ «ስለደወሉ ከልብ እናመሰግናለን» ላይ ደርሻለሁ። ድምፃችን ተደራረበ። ሰላምታዋን ደገመችው። እኔ ጥሪው እንደሚቀዳ እየገለጽኩ ነው። «ሄሎ? ሄሎ?» አለችና ዘጋችው። ሁለተኛው ላይ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ዜማ ሰማች። ከዚህ በኋላ ቴፕ ነው ብላ ብትደመድም ማን ይፈርድባታል? ሰው ቢሆን «እናንተስ?» ስትለው ይመልስ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የጥሪ ጥራት የሚመዝን ቅጽ አለን። መክፈቻው 10 ነጥብ ይይዛል፤ አምስት ሳጥን፣ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ። እንደ ሰዓቱ ሰላም ብሏል? አመስግኗል? የድርጅቱን ስም ጠርቷል? ስሙን ተናግሯል? እርዳታ አቅርቧል? ተቆጣጣሪያችን ቅጹን አውጥታ ሦስቱንም ጥሪ ሞላችው። ሦስቱም ላይ 10 ከ10 አገኘሁ። ደንበኛዋ ሁለት ጊዜ የዘጋችብኝ ሰውዬ ፍጹም ነበርኩ።

እዚህ ላይ እኔ የሞኝ ነገር አደረግኩ። ችግሩ መቀዝቀዜ ነው ብዬ ደመደምኩና ሞቅ ማለት ጀመርኩ። «እንዴት አመሹ የኔ እናት፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሰላም ነዎት?» ሳምንት አልቆየሁበትም። አንድ ቀን ቀጭን ድምፅ ሰማሁና «እንዴት ዋሉ እናቴ?» ብል «እናትህ ቤቷ ናት፤ እኔ ወንድ ነኝ» ተባልኩ። ሌላ ቀን አንድ አባት፣ ሱቃቸው ጨልሞ ገበያተኛ ቆሞባቸው ነው የደወሉት፣ «ቤተሰቡን ተወውና መብራቱን ንገረኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው። በራሳቸው ካርድ የኔን ሞቅታ ማዳመጥ የለባቸውም። በዚያ ላይ በስልክ የሰው ዕድሜና ፆታ በድምፅ መገመት ቁማር ነው። «እርስዎ» ግን ወንዱንም ሴቷንም ይይዛል፤ ለወጣትም ቢሆን ቢከብድ እንጂ አያስቀይምም።

ከዚያ ነው ከተቆጣጣሪያችን ጋር ቡና ይዘን ያችን መስመር ቃል በቃል የፈታናት። መጀመሪያ የጣልነው ምስጋናውን ነው። መብራቱ የጠፋበት ሰው ስለደወለ አይመሰገንም፤ ምስጋናው ጉዳዩ ሲያልቅ መዝጊያው ላይ ያምራል። ስለ መቀዳቱ የሚገልጸውን ደግሞ እኛ ሳናነሳ በፊት በተቀዳ ድምፅ እንዲነገር ጠየቅን። ያ የቴፕ ሥራ ነው፤ ቴፕ ይሥራው። የድርጅቱን ስምና የራሳችንን ስም ግን አልነካንም። ሰው የደወለው ትክክለኛው ቦታ መሆኑን ማወቅ አለበት። ነገ ቅሬታ ቢኖረው ደግሞ ማንን እንዳናገረ ማወቅ አለበት።

የቀረው ሰላምታው ነው። ትልቁ ነገር እዚህ ነበር። በኛ አገር «እንደምን አመሹ» ጥያቄ ነው። ጠይቀህ መልሱን ሳትሰማ ማለፍ ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ጨብጦ ፊትን እንደማዞር ነው። ያውም ጥያቄው ሰፊ ነው፤ የሚመልሰው ሰው ከብቱንም ልጁንም ሊጠይቅህ ይችላል። «ጤና ይስጥልኝ» ግን ምርቃት ናት። መልሷም አጭር ነው፤ «አብሮ ይስጥልን» ይልሃል፣ አለቀ። ስለዚህ እንዲህ አደረግናት።

«ጤና ይስጥልኝ።» እዚህ ላይ ዝም። ሰውየው ሲመልስ፣ «እገሌ ነኝ፣ ከእገሌ ሶላር። ምን ልታዘዝ?»

«ምን ልታዘዝ» ያለቻት ተቆጣጣሪያችን ናት። «በምን ልረዳዎት እችላለሁ» የትርጉም ጽሑፍ ይሸታል፤ ሱቅ ቆሞ እንዲህ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ መጀመሪያ ቀለለችብኝ። ግን ሰባት ስምንት ጊዜ ስላት አፌ ላይ ተቀመጠች።

ዝምታው ርዝመቱ አንድ ትንፋሽ ነው። ይህች ትንፋሽ ያልጠበቅነውን ሌላ ጥቅም ሰጠችን። ከደዋዮቻችን ብዙዎቹ ሲዳሙ አፎ ተናጋሪዎች ናቸው። ድሮ 14 ሰከንድ በአማርኛ ከወጣሁት በኋላ ነው ሰውየው ያልተረዳኝ መሆኑን የማውቀው። አሁን ለሰላምታዬ በሚሰጠኝ መልስ በየትኛው ቋንቋ ሊያወራ እንደሚፈልግ ይገባኛል፤ ወዲያው ለሚችለው ባልደረባዬ አሳልፈዋለሁ። የተቆጣም ከሆነ እዚያችው ላይ ይታወቃል። የተቆጣ ሰው «አብሮ ይስጥልን» አይልም፤ «ስማ፣ እኔ ከፍያለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያኔ ስሜንና የድርጅቱን ስም ይዤ ተከትዬው አልሮጥም። እስኪጨርስ እሰማና «ገባኝ፣ ስሜ እገሌ ነው፣ አሁኑኑ ላጣራልዎት» እላለሁ።

ሰላምታ ከስም መቅደሟ ሌላም ምክንያት አላት። ስልክ ሲነሳ የመጀመሪያዋ ቃል ብዙ ጊዜ ትቆረጣለች፤ መስመሩ እስኪገናኝ ወይም ደዋዩ ስልኩን ጆሮው ላይ እስኪያደርግ ድረስ። የምትቆረጠው «ጤና» ብትሆን «ይስጥልኝ» ትበቃለች። የድርጅቱ ስም ከተቆረጠ ግን «የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ወረፋው ላይ ስምንት ዘጠኝ ሰው ሲከማች መጀመሪያ የምትጠፋው ያች ትንፋሽ ናት። ቃላቱን እንላቸዋለን፣ ዝምታውን እንውጠዋለን። እኔ ራሴን የምይዘው በአንድ ምልክት ነው፤ ደዋዩ «ሄሎ» ካለኝ ሮጫለሁ ማለት ነው። ሄሎ የሚለው ሰው እንዳለ ለማረጋገጥ ነውና።

ተቆጣጣሪያችን ይህን ጽፋ ወደ ዋናው ቢሮ ላከችው። ቅጹም ላይ «ደንበኛው ለሰላምታው መልስ ለመስጠት ጊዜ አግኝቷል?» የምትል ሳጥን እንድትጨመር ጠየቀች። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አዲስ የተለጠፈ ወረቀት መጣልን። አጭር ነው። ከ«ጤና ይስጥልኝ» ቀጥሎ በቅንፍ «ለአፍታ ያቁሙ» ይላል። ሳጥኗ ግን አልመጣችም።

በዚያው ሰሞን አዲስ ልጅ ተቀጥሮ አጠገቤ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ጥሪው ላይ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። አነሳና በአንድ ትንፋሽ «ጤና ይስጥልኝ ለአፍታ ያቁሙ» አለ።

ደዋዩ «እሺ፣ ቆሜያለሁ» አሉት።