ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍዬ ዕዳዬ ብዙም ያልቀነሰበት ምክንያት፦ የብድር መክፈያ ሰንጠረዡን በእጄ ሠርቼ ያየሁት

የወሰድኩት ብድር 100,000 ነበር፤ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ፣ ጊዜው አሥር ዓመት፣ አከፋፈሉ ደግሞ በየወሩ በእኩል መጠን። የገንዘቡን ስም ትቼ ቁጥሩን ብቻ የምጽፈው ስሌቱ በየትኛውም ገንዘብ ያው ስለሆነ ነው። ወርሃዊ ክፍያዬ 1,434.71 ነው። አንድም ወር ሳላሳልፍ ሁለት ዓመት ከከፈልኩ በኋላ ቀሪ ዕዳዬን ለማወቅ ወደ አበዳሪው ሄድኩ። እስከዚያ ቀን የከፈልኩት ሲደመር 34,433 ነበር። ወለድ እንዳለበት ስለማውቅ ዕዳው ከ75,000 ብዙም አይበልጥም ብዬ ገምቻለሁ። የተሰጠኝ ወረቀት ግን 88,274.37 ይላል።

ሌላ ሰው ሂሳብ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። የብድር ክፍል ሠራተኛዋን «ይህ የእኔ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «የእርስዎ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ አብዛኛው ወለድ ነው» አለችኝ። ማታ ለአጎቴ ስነግረው እሱም ብዙ ሰው የሚለውን ደገመልኝ፦ «ልጄ፣ አበዳሪ መጀመሪያ የራሱን ወለድ ይጨርሳል፤ ዋናው ገንዘብ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።» ለረጅም ጊዜ እኔም እንዲህ ነበር የማምነው። ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሬ ራሴ ስሠራው ግን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ አየሁ። የአሥሩን ዓመት ወለድ አስቀድሞ የሚሰበስብ የለም። በእያንዳንዱ ወር የሚወሰደው ያ ወር ብቻ ያፈራው ወለድ ነው።

በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የአንድ ወር ድርሻ 1 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር በእጄ ያለው የሰው ገንዘብ 100,000 ሙሉ ስለሆነ የወሩ ወለድ 1,000 ይሆናል። ከ1,434.71 ላይ 1,000ው ለወለድ ሲሄድ የሚተርፈው 434.71 ነው፤ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው ይህ ትርፍ ብቻ ነው። ዕዳው 99,565.29 ሆነ። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚታሰበው በዚህ በቀነሰው ዕዳ ላይ ስለሆነ 995.65 ይመጣል፤ ለዋናው የሚተርፈው 439.06 ይሆናል። በሦስተኛው ወር ወለዱ 991.26፣ ለዋናው የሚተርፈው 443.45።

እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ ቁጥሮቹን ደጋግሜ አየኋቸው። በመጀመሪያው ወር ከዋናው ላይ የቀነስኩት 434.71 በሁለተኛው ወር ወለድ አልወለደም፤ ስለዚህ የወለዱ ሂሳብ በ4.35 ዝቅ አለ። ወርሃዊ ክፍያዬ ግን ስላልተለወጠ ያቺ 4.35 የትም አልሄደችም፤ ወደ ዋናው ተዛወረች። 434.71 ላይ 4.35 ሲጨመር 439.06 ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የ439.06 አንድ በመቶ ይጨመራል። ለዋናው የሚገባው ድርሻ በየወሩ ልክ በወለዱ መጠን፣ በእኔ ብድር በ1 በመቶ ያድጋል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ጭማሪው ሳንቲም የሚባል ስለሆነ አይታይም። ግን በራሱ ላይ እየተደራረበ ስለሚሄድ በመጨረሻው፣ በ120ኛው ወር፣ ከዚያው ከ1,434.71 ውስጥ 1,420.50ው ለዋናው ይገባል፤ ወለዱ 14.21 ብቻ ነው። እኔ የምከፍለው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አከፋፈሉ የሚቆረስበት ቦታ ነው።

በወረቀት የሠራሁት የመጀመሪያዎቹን አሥር ወራት ያህል ነው፤ ቀሪውን በኤክሴል ጨረስኩት። አራት ቀመር ብቻ ይበቃል። ቀሪው ዕዳ በD ዓምድ ነው፤ D1 ላይ 100000 ይጻፋል፤ ከታች ያለው ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያው ወር ነው።

```
A2: =PMT(0.12/12,120,-100000)
B2: =D1*0.12/12
C2: =A2-B2
D2: =D1-C2
```

A ወርሃዊው ክፍያ፣ B ወለዱ፣ C ለዋናው የሚገባው ነው። ረድፉን እስከ 121ኛው ረድፍ ድረስ ወደ ታች መጎተት ነው። በመጨረሻው ረድፍ D ዜሮ ከሆነ ስሌቱ ትክክል ነው። የክፍያው መጠን የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ከእሱ ትንሽ ዝቅ ቢል በ120ኛው ወር ዕዳ ይተርፋል፣ ከፍ ቢል ቀድሞ ያልቃል። አበዳሪው ክፍያውን በሁለት የሳንቲም አሃዝ ስለሚያጠጋጋ የመጨረሻው ክፍያ ከሌሎቹ በጥቂት ሳንቲም ሊለይ ይችላል። አበዳሪው ወለዱን በወር ሳይሆን በቀን ቁጥር የሚያስብ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በአንዳንድ ወራት ከዚህ በላይ ይሆናል። በ31 ቀን ወር የመጀመሪያው ወለድ 1,000 ሳይሆን 1,019.18 ይሆናል። እንዲህ ያለው ልዩነት የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው፣ ሳያቋርጡ እየከፈሉ ወለዱ ከዓመት ዓመት ምንም አለመቀነሱ ነው፤ ያ ሲሆን ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ብድር ላይ ነው።

ሰንጠረዡን ከጨረስኩ በኋላ በጣም የጠቀመኝ ነገር ከታች ወደ ላይ ማንበቤ ነው። ከመጨረሻው ክፍያ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲኬድ ለዋናው የሚገባው ድርሻ በእያንዳንዱ እርምጃ ለ1.01 እየተካፈለ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ክፍያ ውስጥ ወለዱ ከክፍያው ስንት በመቶ እንደሆነ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ የወለዱ መጠንና የቀሩት ክፍያዎች ቁጥር። የብድሩ ትልቅነት አይገባበትም። በወር 1 በመቶ ከሆነ የመጨረሻዎቹ 69 ክፍያዎች ከግማሽ በላይ ለዋናው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በፊት ያሉት ሁሉ ከግማሽ በላይ ወለድ ናቸው። በእኔ ሰንጠረዥ ይህ የሚሆነው በ52ኛው ወር ላይ ነው። ለግምት ያህል 70ን በወርሃዊው የወለድ መጠን ማካፈል ይበቃል፤ በወር 2 በመቶ ከሆነ ወደ 35 ክፍያ ይመጣል።

ከዚህ የተነሳ «የመጀመሪያው ክፍያ ሁልጊዜ አብዛኛው ወለድ ነው» የሚባለው ለሁሉም ብድር አይሠራም። ያንኑ 100,000 በዚያው ወለድ በአምስት ዓመት ብመልስ ኖሮ ወርሃዊ ክፍያዬ 2,224.44 ይሆን ነበር፤ የመጀመሪያው ወር ወለድ ያው 1,000 ሆኖ 1,224.44ው ገና ከመነሻው ለዋናው ይገባ ነበር። ወለዱን ያበዛው ጊዜው መርዘሙ ነው። እኔ ስፈራረም የተመለከትኩት ወርሃዊው ክፍያ ዝቅ ማለቱን ብቻ ነበር፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የምከፍለው ወለድ 72,165 እንደሚደርስ ግን ሰንጠረዡን ከሠራሁ በኋላ ነው የተረዳሁት። የዕዳዬ ግማሽ የሚያልቀውም በ60ኛው ወር ሳይሆን በ77ኛው ነው።

የተቀመጠ 10,000 ነበረኝ። አጎቴ «አሁን ብትከፍል ለወለዱ ነው የሚሄደው፣ ዋናው ሲጀመር ክፈል» ብሎኝ ነበር። ሰንጠረዡ ተቃራኒውን ያሳያል። የወሩ ወለድ በወርሃዊው ክፍያ ተከፍሎ ካለቀ፣ ተጨማሪው ገንዘብ የሚነካው ዋናውን ብቻ ነው፤ የተቀነሰው ዋና በቀሪዎቹ ወራት ሁሉ ወለድ አይወልድም። ስለዚህ ቶሎ በተከፈለ ቁጥር የሚያስቀረው ወለድ ይበዛል። ውሉ ያለጊዜው ለሚከፈል ገንዘብ ቅጣት እንደሌለው አረጋገጥኩና 25ኛው ወር ሳይጀምር ከፈልኩት።

ምርጫው ሁለት ነበር። ወርሃዊውን ክፍያ ሳልነካ ጊዜውን ማሳጠር፣ አለዚያ ጊዜውን ሳልነካ ወርሃዊውን ዝቅ ማድረግ። በመጀመሪያው 96 የነበሩት ቀሪ ክፍያዎች 80 ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ ከ400 ያነሰ ነው። ከመክፈል የምድነው ወለድ ወደ 14,000 ይጠጋል። በሁለተኛው ወርሃዊው ክፍያ ወደ 1,272.18 ይወርዳል፤ ከወለዱ የሚቀነስልኝ ግን 5,600 ገደማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቀሪው ዕዳ እስከ አሥረኛው ዓመት ድረስ በእጄ ይቆያል። ወርሃዊው ክፍያ የከበደው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ይገባኛል። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ።

በሚቀጥለው ወር መግለጫውን ስከፍት ግን ቀሪው ዕዳ እዚያው 88,274.37 ላይ ቆሟል። 10,000ው ለመጪዎቹ ወራት እንደተከፈለ ቅድመ ክፍያ ተመዝግቦ፣ የሚቀጥለው መክፈያ ቀኔ ወደ ሰባት ወር ገደማ ተገፍቷል። እንዲህ ከተመዘገበ ዋናው ወዲያው አይቀንስም፤ ወለዱም በነበረበት ይቀጥላል። ሰንጠረዤን ይዤ ወደዚያችው ሠራተኛ ተመለስኩ። «ለዋናው ብድር ተብሎ ካልተጻፈ ሲስተሙ እንደ ቅድመ ክፍያ ነው የሚይዘው» አለችኝና ማመልከቻ አስፈርማ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ አስተካከለችልኝ።

የተስተካከለውን መግለጫ ስቀበል ያየሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የ25ኛውን ወር ወለድ። 882.74 የነበረው 782.74 ሆኗል፣ የ10,000 አንድ በመቶ ልክ 100 ቀንሶ። ለዋናው የገባው ከ551.97 ወደ 651.97 ከፍ ብሏል። በድሮው ሰንጠረዥ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የሚገኘው 42ኛው ወር አካባቢ ነበር።