ካስት የለም ከማለታችሁ በፊት ሽንቱ መቼ እንደተሰጠ ጠይቁ

ደሴ አካባቢ ላብራቶሪ ስጀምር ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ነገሩ ካስትን፣ ማለትም ኩላሊት ቱቦ ውስጥ ተቀርጾ ከሽንት ጋር የሚወጣውን ጥቃቅን ነገር፣ በማይክሮስኮፕ ስለመፈለግ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደንብ የተቀላቀለ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት 5 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ ላይ ይዞራል። ላዩ ይደፋል፣ ታች የቀረው ሴዲመንት ቀስ ተብሎ ይበጠበጣል፣ ጠብታው ስላይድ ላይ ይሸፈናል። በቃ።

ጣጣው ከዚያ በፊት ነው። እኔ በሠራሁበት ቦታ ሽንት ጠዋት ተሰብስቦ መስኮት ላይ ይደረደራል። «ይጠራቀምና ባንዴ ይሠራል፤ ለአንድ ሰው ተብሎ ማሽን አይነሳም» ይላል ኃላፊያችን። እስካሁን ያበሽቀኛል።

አንድ ቀን ከሐይቅ ከተማ በኩል የመጣ ልጅ ሽንት ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። ቀለሙ ጥቁር ሻይ ነው። ዲፕስቲኩ ደም ሦስት ፕላስ፣ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ አሳየ። ማይክሮስኮፑ ላይ ግን ባክቴሪያ፣ የሬሳ ሣጥን ክዳን ቅርፅ ያላቸው ክሪስታሎችና የፈራረሱ ቀይ የደም ሴሎች ብቻ ናቸው። ካስት የለም። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለት ነበር።

ያስጠረጠረኝ ፒኤቹ ነው፤ 8 ደርሷል። ሽንት ሲቆይ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል፣ ሽንቱም አልካላይን ይሆናል። እነዚያ ክሪስታሎች የሚወጡት በዚያ ዓይነት ሽንት ነው። ካስት ደግሞ እዚያ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ኖሮ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ኮሪደር ላይ ልጁን ከእናቱ ጋር አገኘሁት። ዓይኑ ዙሪያ አባብጧል። «አብሽሪ እህቴ፣ አንዴ ደግሞ ይስጠኝና አሁኑኑ አየዋለሁ» አልኳት። ኃላፊው አጉረመረመ። ያጉረምርም።

ኮንደንሰሩን ዝቅ፣ ብርሃኑን ቀነስ አደረግኩ። ካስት ደብዛዛ ስለሆነ ደማቅ ብርሃን ያጠፋዋል። በ10 ሌንስ የከቨር ስሊፑን ጠርዝ ተከትዬ ሄድኩ። ጎንና ጎኑ ትይዩ፣ ጫፉ ድብልብል ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነገር ብቅ አለ። ወደ 40 ስቀይር ውስጡ ቀይ የደም ሴል ታጭቋል። ካስት የሚቀረጸው ኩላሊት ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ ይህ ደም ከፊኛ ወይም ከጠጠር የመጣ አይደለም። የመጣው ከኩላሊቱ ማጣሪያ ነው። እናቱን ስጠይቃት ከሦስት ሳምንት በፊት እግሩ መግል ይዞ ነበር አለች። ሐኪሙ ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያስከትለውን የኩላሊት ብግነት ጠርጥሮ የደም ግፊቱን ለካ። ከፍ ብሏል።

መመሪያው የሚቆይ ሽንት ፍሪጅ ይግባ ይላል። ለሴዲመንት እኔ አልስማማም። አሲዳማ ሽንት ሲቀዘቅዝ ዩሬት የሚባል ጨው ይዘንብበትና የምታዩትን ሁሉ ይሸፍነዋል። ደምና ፕሮቲን አብረው የወጡበት ሽንት ወረፋ አይጠብቅ፤ ለአንድ ሰውም ቢሆን ማሽኑ ይነሳ። ቆይቶ ከደረሳችሁ «ካስት የለም» ብላችሁ አትጻፉ። የተሰጠበትንና ያያችሁበትን ሰዓት ጽፋችሁ አዲስ ሽንት ጠይቁ።