ያቺ መቀነስ አምስት

ፍሬሙ ቀላል ነበር። ቀጥ ያለ ምሰሶ አለ። ከእሱ ጋር በፒን የተያያዘ 3 ሜትር አግዳሚ አለ። አግዳሚውን ከፒኑ 2 ሜትር ርቀት ላይ ከሥር የሚገፋ ሰያፍ ብረት አለ፤ የሰያፉ ሌላኛው ጫፍ ከአግዳሚው 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ምሰሶው ላይ ተሰክቷል። የአግዳሚው ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ኒውተን ይንጠለጠላል።

ፍሬሙን እንዳለ ይዤ ብሠራ የውጭ ድጋፎቹን እንጂ የፒኖቹን ኃይል አላገኝም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ክፍል በክፍል በታተንኩት። ሰያፉ የሚነካው በሁለት ጫፉ ብቻ ስለሆነ ኃይሉ በቁመቱ አቅጣጫ ይሄዳል። አግዳሚው ግን ሦስት ቦታ ስለሚነካ የፒኑን አቅጣጫ ቀድሜ ማወቅ አልችልም፤ ወደ ላይ ነው ብዬ ገመትኩና ቀስት ሣልኩ። በፒኑ ዙሪያ ሞመንት፣ ማለትም የኃይሎቹን የማዞር አቅም፣ ወሰድኩ። ሰያፉ 25 ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 15 ወደ ላይ፣ 20 ወደ ውጭ ይገፋል። የፒኑ አግድም ኃይል 20 ወጣ፣ ቀጥ ያለው ደግሞ መቀነስ 5።

አለቃዬ ወረቀቱን አየና ሳቀ።

«ጭነቱ ወደ ታች ይጎትታል፣ ፒኑም ወደ ታች ይገፋል? ታዲያ ማን ነው የሚሸከመው?»

«ሰያፉ ነዋ ኢንጂነር።»

«ምልክት ስተሃል። አስተካክለው።»

እኔም አስተካከልኩት። እስካሁን የሚያበግነኝ እሱ ሳይሆን ላጲሱ ነው።

በ«ተስተካከለው» ቁጥር መሠረት የፒኑ መቀመጫ ከላይ ክፍት ሆኖ ተሠራ፤ ፒኑ ከላይ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ጭነት ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ ይጫናል ተብሎ። ፒኑን ቅባት ቀብተን ግማሹን ጭነት ስንሰቅል የአግዳሚው የኋላ ጫፍ ቀስ እያለ ከመቀመጫው መነሳት ጀመረ። አግዳሚው ሰያፉ ላይ እንደ ሚዛን ያዘነብላል፤ ፊቱ ሲወርድ ኋላው ይነሳል። መቀነሷ እኮ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ የሣልኩት ቀስት ተገልብጧል፣ ሌላ ምንም።

ምሰሶውንም ለብቻው ሥዬ ቢሆን ያኔውኑ እይዘው ነበር። አግዳሚው ላይ ወደ ታች የሚገፋ ፒን ምሰሶውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሰያፉ 15 ወደ ታች፣ ፒኑ 5 ወደ ላይ፣ ድምሩ 10፤ ልክ የተሰቀለው ጭነት። በአለቃዬ ምልክት ግን 15 እና 5 ሁለቱም ወደ ታች ሆነው 20 ይመጣሉ። 10 ሰቅለን ምሰሶው 20 ሊሸከም! የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ግን ምሰሶውን ማን ይሥላል፣ መልሱ ከአግዳሚው ተገኝቶ የለ እንዴ።

ጭነቱን አወረድንና መቀመጫው ላይ መዝጊያ ተበየደ። አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እንዲህ ዓይነት ፒን ክፍት አይተውም፣ ሁሌ እላችኋለሁ» አለ። ሥዕሉ ላይ «መዝጊያ ተጨምሯል» ተብሎ ተጻፈ። ያረጋገጠው በሚለው ቦታ የእሱ ፊርማ፣ ያሰላው በሚለው የእኔ።