ለልጅ ልጄ፦ በወር 500 ብር በሃያ ዓመት ምን ይሆናል

ደሴ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኮምቦልቻ ሥራ ከያዝሽ በኋላ በስልክ «እማማ፣ ከዚህች ደመወዝ ላይ 500 ብር ባስቀምጥ ምን ይፈይዳል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ስልክ ለቁጥር አይመችምና መልሱን በወረቀት ላይ ላደርገው ወሰንኩ። እኔ ራሴ በመምህርነት ሳለሁ በ1998 ዓ.ም. በወር 100 ብር ማስቀመጥ ጀምሬ እስከ ዛሬ አላቋረጥኩም፤ ስለዚህ የምነግርሽ ከደብተሬ ላይ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን ላስረዳሽ። ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድን መነሻ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት እኔ ያገኘሁት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለአንቺ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ7 በመቶ፣ ወለዱ በየወሩ ከዋናው ላይ እየተደመረ እንደሚሄድ አድርጌ አስልቼዋለሁ። ከወለዱ ላይ ደግሞ 5 በመቶው ለመንግሥት ግብር ተቀናሽ ይሆናል። ከ100 ብር ወለድ 5 ብሩ ግብር ነው ማለት ነው እንጂ ካስቀመጥሽው ገንዘብ ላይ የሚነካ የለም። ስለዚህ በእጅሽ የሚገባው በዓመት 6 ነጥብ 65 በመቶ ነው።

በወር መጨረሻ 500 ብር ብታስገቢ በዓመት 6,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ደብተርሽ ላይ የምታገኚው 6,186 ብር ገደማ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ራስሽን ቆጥበሽ የተጨመረልሽ 186 ብር ብቻ መሆኑን ስታዪ እንዳትከፊ። ብዙ ሰው ቁጠባን የሚተወው ይህችን ቁጥር ባየ ጊዜ ነው። ማነሷም ምክንያት አላት፦ የመጀመሪያው 500 ብር ብቻ ነው አሥራ አንድ ወር ወለድ ያገኘው፤ የመጨረሻው 500 ብር ገና ገብቶ አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። ገንዘቡ በአማካይ የቆየው ግማሽ ዓመት እንኳ አይሞላም።

በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ አንቺ ያስገባሽው 60,000 ብር፣ በደብተርሽ ላይ ያለው ግን 84,900 ብር ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ። በአሥራ አንደኛው ዓመት የሚጨመረው ወለድ 6,000 ብርን በጥቂቱ ያልፋል፤ ይኸውም አንቺ በዓመቱ ውስጥ ከምታስገቢው ጋር እኩል ማለት ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ደብተሩ ከአንቺ የበለጠ ያስገባል። በሃያኛው ዓመት ብቻ የሚጨመረው ወለድ ወደ 15,800 ብር ይደርሳል፤ አንቺ ግን ያስገባሽው እንደ ልማድሽ 6,000 ብር ነው። በመጨረሻ ጠቅላላው 249,700 ብር ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 120,000 ብሩ ከደመወዝሽ የወጣ፣ የቀረው ወደ 129,700 ብር የሚጠጋው ወለድ ነው።

የዚህ ሁሉ ምሥጢር ወለዱ ራሱ ወለድ መውለዱ ነው። የመጀመሪያዋን 500 ብር ብቻ ነጥለሽ ተከተያት፤ ሃያ ዓመት ሳትነካ ከቆየች 1,870 ብር ገደማ ሆና ትወጣለች። የመጨረሻዋ 500 ብር ግን 500 ብር ሆና ትቀራለች። ስለዚህ «ደመወዜ ሲያድግ እጀምራለሁ» የሚለው ነገር ውድ ያስከፍላል። አሥር ዓመት ዘግይተሽ ብትጀምሪና በቀረው አሥር ዓመት እዚያው 249,700 ብር ላይ መድረስ ብትፈልጊ፣ በወር የሚያስፈልግሽ 500 ሳይሆን 1,470 ብር ነው።

ዕቁብ ለምን አይበቃም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እኔ ዕቁብ ሳልጥል የቆየሁበት ጊዜ የለም፤ አልቃወመውምም። ዕቁብ የጣልሽውን ያህል ይሰጥሻል እንጂ አይጨምርልሽም፤ ጥቅሙ ጠቅላላውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማግኘትሽ ነው። እኔ ሁለቱን በየሥራቸው አስቀመጥኳቸው፦ ለሰርግ፣ ለበዓል፣ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን በዕቁብ አወጣ ነበር፤ የባንኩን ደብተር ግን ለእነዚህ አልነካውም። አጎትሽ ሲዳር ቤተሰቡ በሙሉ «ያቺ የባንክ ብር» ብሎ ዓይኑን ጥሎባት ነበር፤ እኔ ግን የዕቁቡን ዳኛ ለምኜ ዕጣዬን አስቀድሜ ወሰድኩ። ይህን ያደረግሁት በግትርነት አይደለም። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ከደብተርሽ 10,000 ብር ብታወጪ፣ በሃያኛው ዓመት የሚጎድልብሽ 10,000 ሳይሆን 27,000 ብር ያህል ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሊወልድ የነበረው ወለድ አብሮ ይወጣልና።

ጎረቤቴ ሐጂ ወለድ አይቀበሉም፤ እሳቸው ከወለድ ነፃ በሆነው የባንክ አገልግሎት በሙዳራባ ሒሳብ ያስቀምጣሉ። እዚያ አስቀድሞ የተወሰነ መቶኛ ስለሌለና ባንኩ ከሠራው ትርፍ በስምምነቱ መሠረት ስለሚካፈሉ የእኔ ሒሳብ ለእሳቸው በቀጥታ አይሠራም። በየወሩ ሳያቋርጡ ማስገባትና ሳይነኩ ማቆየት ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነውን ክፍል ልንገርሽ፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ግማሽ እውነት ብቻ መንገር ይሆንብኛል። እኔ ማስቀመጥ ስጀምር ደሴ ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚገዛው በጥቂት መቶ ብር ነበር። ዛሬ ከ10,000 ብር በላይ ነው። በወር 100 ብር ሳልጨምር ሃያ ዓመት በ7 በመቶ አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ ወደ 50,000 ብር አገኝ ነበር፤ እሱም ዛሬ አምስት ኩንታል ጤፍ አይሞላም። የመጀመሪያው ዓመት 1,200 ብሬ ብቻውን በዚያን ጊዜ ሁለት ሦስት ኩንታል ይገዛ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በሆነበት ወቅት 7 በመቶ ወለድ ማለት በየዓመቱ ወደ ኋላ መሄድ ነበር። ብሩ በቁጥር ያድጋል፤ የመግዛት አቅሙ ግን በዚያው ልክ ላያድግ፣ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል።

እኔን ያዳነኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መዋጮዬን በአንድ ቁጥር ላይ አልተውኩትም። ደመወዝ በተጨመረልን ጊዜ ሁሉ የጭማሪውን ግማሽ፣ ገና ወጪ ሳይለምደው፣ ወደ ደብተሩ አዞርኩት። አንቺም በ500 ብር ጀምረሽ በየመስከረሙ አሥር በመቶ ብትጨምሪ፣ ማለትም በሁለተኛው ዓመት 550፣ በሦስተኛው 605 እያልሽ ብትሄጂ፣ በሃያኛው ዓመት ወርሃዊ መዋጮሽ 3,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ ጠቅላላውም ወደ 582,000 ብር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ከኪስሽ የወጣው 343,000 ብር ያህል ነው። ልብ በይ፤ በዚህ መንገድ የወለዱ ድርሻ ያንሳል፤ ምክንያቱም ትልልቁ መዋጮ የሚገባው ዘግይቶ ስለሆነ ወለድ የሚያገኝበት ጊዜ አጭር ነው። ነገር ግን ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ የሚራመደው ይህኛው ነው።

ሁለተኛው፣ ገንዘቡ በቂ ሲሆን በደብተር ላይ ብቻ አላቆየሁትም። ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያሠራሁት ከዚህ ገንዘብ ነው። ቅድም ገንዘቡን እንዳትነኪ ስለነገርኩሽ ይህ የሚቃረን ይመስልሻል፤ አይቃረንም። ለሰርግ የሚወጣ ብር ተበልቶ ያልቃል፤ ለክፍሎቹ የወጣው ግን በየወሩ ኪራይ ሆኖ ወደ ደብተሩ ተመልሷል፤ ኪራዩም እንደ ኑሮው ይጨምራል። ከባንክ ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ የሚወጣው ብር ሥራ ወዳለው ነገር የሚሄድ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ስለ ደኅንነቱም ትንሽ ልጨምር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኔ ደብተሬን በነጠላ ጠቅልዬ በደረቴ ይዤ ነው የወጣሁት። ቅርንጫፎቹ ተዘግተው ነበር። ከተመለስን በኋላ ቤት ውስጥ ትቼው ከሄድኩት ብዙው አልነበረም፤ ባንክ ያለው ግን የእነዚያ ወራት ወለድ ጭምር ተጽፎለት ጠበቀኝ። ያላስገባኋቸውን ወራት አከታትዬ ከፈልኩ። ሌላም ነገር አለ፤ ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጮች የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ሲቋቋም የተወሰነው ሽፋን በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ነው። በ500 ብር መዋጮ እዚያ የምትደርሺው በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደብተር በሌላ ባንክ ክፈቺ፤ ባንኩንም ገንዘቡን በጊዜ ገደብ ብታስቀምጪ ስንት እንደሚከፍልሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ከተራው ቁጠባ የተሻለ ይከፍላሉ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ደመወዝሽ ከሚገባበት ሒሳብ የተለየ የቁጠባ ሒሳብ ክፈቺ፤ ደመወዝ በገባ ማግስት 500 ብር በራሱ እንዲዛወር ቋሚ ትዕዛዝ ስጪ። የቁጠባውን ሒሳብ በስልክሽ ላይ ከምትከፍዪበት ጋር አታገናኚው፤ በአንድ ጣት የሚወጣ ገንዘብ ሃያ ዓመት አይቆይም። የተረፈውን አስቀምጣለሁ አትበይ፤ በወሩ መጨረሻ የሚተርፍ አይኖርም።

ልክ አንድ ዓመት ሲሞላሽ መግለጫውን አውጪና ወለዱን ተመልከቺ። ከግብር በፊት 196 ብር አካባቢ፣ ግብሩ 10 ብር ገደማ፣ የተጣራው 186 ብር አካባቢ መሆን አለበት። ባንክሽ ወለዱን በየወሩ ሳይሆን በየስድስት ወሩ የሚደምር ከሆነ በጥቂት ብር ያንሳል። ከ150 ብር በታች ካየሽ ግን አንድ ነገር አለ፦ ወይ የተዘለለ ወር፣ ወይ የአገልግሎት ክፍያ፣ ወይ ወለድ የማይታሰብበት ዓይነት ሒሳብ ተከፍቶልሻል። መግለጫውን ይዘሽ ወደ ቅርንጫፉ ሂጂና በየወሩ የታሰበውን አንድ በአንድ አስቆጥሪ። ካልገባሽ ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ።

አያትሽ