«የሠራችውን አታውቅም» የሚለውን አስተያየት እንዴት ለወጥኩት

ጎንደር ውስጥ የጤና ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አማክራለሁ። በዲፌንስ ሰሞን አንድ የውጭ ፈታኝ በአንዲት ተማሪዬ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የናሙናው አወሳሰድ የማይረባ ነው። ተማሪዋ የሠራችውን አታውቅም።» ሌላ ማብራሪያ የለም። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ መጥታ «መምህር፣ ምኑን ነው የማርመው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በዚህ አስተያየት ምንም ማረም አይቻልም።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ተውኩት። ስለ ሰው እንጂ ስለ ሥራ አይናገርም። በመጀመሪያው ውስጥ ግን ቁም ነገር ይኖራል ብዬ ለፈታኙ ደወልኩ። ልከራከራቸው አልነበረም። «የትኛው ገጽ ላይ ነው? ምን ብታስተካክል ይበቃዎታል?» አልኳቸው። ድምፃቸው ለዘብ አለ፤ በደንብ አስረዱኝ።

ጥናቱ በጎንደር ከተማ ክትባት የጨረሱ ሕፃናትን ይመለከታል። ተማሪዋ በተለመደው ቀመር 384 አግኝታ፣ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ጨምራ 423 ቤቶችን ወስዳለች። ቀመሩ የሚሠራው ግን ቤቶቹ ከመላው ከተማ በቀጥታ በዕጣ ሲወጡ ነው። እሷ መጀመሪያ ቀበሌዎችን፣ ከዚያ በየቀበሌው ቤቶችን ነው የመረጠችው። የአንድ ቀበሌ እናቶች የሚሄዱት አንድ ጤና ጣቢያ ስለሆነ መልሳቸው ይመሳሰላል። ለዚህ ማካካሻ ብዙ ጊዜ ናሙናው በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። በ1.5 ብናስበው የእሷ 423 ቤቶች የሚሰጡት መረጃ የ282 ያህል ብቻ ነው። ፈታኙ ልክ ነበሩ።

መረጃው ተሰብስቦ አልቋል፤ «ናሙና ጨምሪ» ማለት ከንቱ ነው። ስለዚህ አስተያየቱን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«በዘዴ ምዕራፍ፣ ናሙናው በሁለት ደረጃ ተመርጦ ሳለ ስሌቱ ይህን አላካተተም። በዚህ ምክንያት ውጤቶቹ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ መስለዋል። ትንተናው የቀበሌዎቹን መመሳሰል ታሳቢ አድርጎ እንደገና ይሠራ። የናሙናው ማነስ በጥናቱ ውስንነት ይገለጽ። ድምዳሜው በአዲሱ ውጤት ይስተካከል።»

ማሞገሻ አልጨመርኩም፤ ፈታኙ የሰጡትን «ከባድ እርማት» የሚለውን ውሳኔም አላወረድኩም። ቃሉ ይለዝብ እንጂ ጉድለቱ መቅለል የለበትም። ለልጅቷ ከመስጠቴ በፊት ለፈታኙ አሳየኋቸው። የእሳቸውን ሐሳብ በእኔ ቃል አዛብቼ ቢሆንስ? «ከቀበሌዎቹ ቁጥር ጋር ይታይ፤ ጥቂት ከሆኑ አዲሱም ትንተና አያስተማምንም» የሚል ጨመሩበት። እኔ ያላሰብኩት ነበር።

ተማሪዋ ትንተናውን ደገመችው። የጤና ጣቢያ ርቀት ቀድሞ ከ1.1 እስከ 3.2 የነበረው የመተማመኛ ክልሉ ከ0.9 እስከ 3.9 ሆነ። 1 ማለት ርቀቱ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው፤ አዲሱ ክልል 1ን ስለሚያካትት ርቀት ክትባት ከመጨረስ ጋር «ግንኙነት አለው» ማለት አይቻልም። ያንን ድምዳሜ አወጣችው፤ ለምን እንዳወጣችውም ለፈታኙ ራሷ አስረዳች።